«ሻይ» በየትኛው በር ገባ?

«ሻይ» የሚለው ቃል በአማርኛ ውስጥ እንግድነቱን ከረሳ ሰንብቷል። ሠራተኛው በዕረፍት ሰዓቱ «ሻይ እንበል» ይላል። ጉዳይ ያስፈጸመ ባለጉዳይ ለተላላኪው «ለሻይ» ብሎ ሳንቲም ያስጨብጠዋል፤ በዚህ አነጋገር ውስጥ ሻዩም ስኳሩም የለም፣ ገንዘቡ ብቻ ነው ያለው። ኬንያዊውም በስዋሂሊ «ቻይ» ሲል አንዳንድ ጊዜ መጠጡን ሳይሆን መማለጃውን ማለቱ ነው፤ ፋርሳዊውም ለጉርሻ የሚሰጠውን ገንዘብ «ፑሌ ቻይ»፣ የሻይ ገንዘብ፣ ይለዋል። አንድ ቃል ከነትርፍ ትርጉሙ በሦስት አገር ሲገኝ፣ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ጥያቄ አይሆንም።

የተለመደው መልስ ግን አጭርና የተቻኮለ ነው። አንዱ «ዐረብኛ ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ የቱርክ ነው» ሲል ሦስተኛው «የፋርስ ነው» ብሎ ይከራከራል። ሦስቱም በከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሦስቱም የሳቱት አንድ ነገር አለ። የተዋሰ ቃል እንደ ርስት አንድ ባለቤት ብቻ ያለው ይመስላቸዋል። ቃል ግን እንደ ነጋዴ ጭነት ነው፤ ከተጫነበት አገር ሌላ የተራገፈበት አገር አለ፣ በመካከሉም ቀረጥ የተከፈለባቸው ኬላዎች ይኖራሉ። ኬላው ሁሉ በቃሉ ላይ ማኅተም ያሳርፋል። ማኅተሙን ማንበብ ለቻለ ሰው መንገዱ ከቃሉ ድምፅ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

የመጀመሪያው ማኅተም የቻይና ነው። ቻይናውያን ለዚህ ተክል የሚጽፉት ፊደል አንድ ሲሆን አነባበቡ ግን እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። በሰሜኑ ቋንቋና በካንቶን «ቻ» ይባላል፤ በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ በፉጂያን፣ በተለይም በአሞይ ወደብ፣ «ቴ» ይባላል። በ17ኛው መቶ ዓመት ሻይን በብዛት ወደ ምዕራብ አውሮፓ ያጓጓዙት የሆላንድ መርከበኞች የተገናኙት ከፉጂያን ነጋዴዎች ጋር ስለ ነበር «ቴ»ን ይዘው ተመለሱ። የእንግሊዙ «ቲ»፣ የፈረንሳዩና የጣሊያኑ «ቴ» የተወለዱት ከዚያ ነው። ፖርቱጋሎች ግን በማካው በኩል ስለ ነገዱ እስከ ዛሬ «ሻ» ይላሉ፤ ቀድሞ በቋንቋቸው «ቻ» ተብሎ ይነበብ የነበረው ነው። በየብስ፣ በመካከለኛው እስያ በረሃ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ምዕራብ የተጓዘው ሻይ ደግሞ የሰሜኑን «ቻ» ይዞ ሄደ። እንግዲህ በአማርኛ «ሻይ» እንጂ «ቴ» አለመባሉ፣ ጣሊያንም እንግሊዝም ከደረሱበት በኋላ እንኳ ስሙ ያልተለወጠ መሆኑ፣ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ቃሉ በአውሮፓ በር አልገባም።

ሁለተኛው ማኅተም መጨረሻው ላይ ያለችው «ይ» ናት። ቻይናዊው «ቻ» ብሎ ያቆማል፤ ጃፓኑም እንዲሁ። «ይ»ን የጨመረው ፋርስ ነው። ፋርስኛ በረጅም «ኣ» በሚያልቁ ቃላት ላይ «ይ» የማስከተል ልማድ ስላለው «ቻ» በዚያ አፍ «ቻይ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይህችን «ይ» ይዞ የሚገኝ ሁሉ፣ ቱርኩም በ«ቻይ»ው፣ ሩሲያውም በ«ቻይ»ው፣ ሕንዱም በ«ቻይ»ው፣ ከፋርስ ኬላ ማለፉን ይመሰክራል። ትንሽ ፊደል ናት፤ ነገር ግን ከቤይጂንግ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ ከዚህች የጠራ የይለፍ ወረቀት አይገኝም።

ሦስተኛው ማኅተም መጀመሪያው ላይ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባውም ይኸው ነው። የፋርሱም የቱርኩም ቃል በ«ቻ» ሲጀምር የአማርኛው በ«ሻ» ይጀምራል። አማርኛ «ቸ»ን መጥራት ሳይችል ቀርቶ ነውን? አይደለም። «ቸር»፣ «ችግር»፣ «ቸኮለ» እያለ ቀኑን ሙሉ የሚናገር ሕዝብ «ቻይ» ለማለት አይቸገርም። ቃሉ በቀጥታ ከቱርክ ወይም ከፋርስ አፍ ወደ አማርኛ ቢመጣ ኖሮ «ቻይ» በሆነ ነበር። ይህን ድምፅ የማያውቀው ዐረብኛ ነው። የዐረብ ፊደል ለ«ቸ» ቦታ ስለሌለው ቃሉን ሲቀበል በቅርብ ባለው ድምፅ፣ በ«ሸ»፣ ተካው። «ሻይ» በዐረብ እጅ እንደ ተላለፈ የሚያስረዳው ይህ ጉድለት ነው። ከባለ ጉድለቱ የተቀበለ ሁሉ፣ እርሱ ጉድለቱ ባይኖርበትም፣ ጉድለቱን አብሮ ይወርሳል።

ዐረብኛ ስንል ግን የትኛው? ሰፊ ቋንቋ ነውና ጠረፉ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የኢራቅ ሰው የፋርስ ጎረቤት ስለ ሆነ በአነጋገሩ «ቸ»ን ለምዷታል፤ ዛሬም «ቻይ» ነው የሚለው። የሞሮኮ ሰው ደግሞ ሻይን ያወቀው ከእንግሊዝ ነጋዴ ስለ ነበር «አታይ» ይለዋል፤ የአሞይ «ቴ» ዓለምን ዞሮ በአትላንቲክ በኩል ዐረብ አገር ገባ ማለት ነው። «ሻይ» የሚሉት የግብፅና የሱዳን ሰዎች ናቸው። በየመንና በሒጃዝ «ሻሂ» ይባላል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ትግርኛ «ሻሂ» ሲል ሲሰማ፣ የወደቦቹ ጀልባ ያመላለሰው ጨርቅና ሩዝ ብቻ እንዳልነበረ ይታወቃል። ሶማሊኛም «ሻህ» ይላል። ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ግን ስዋሂሊ «ቻይ» ሲል «ቸ»ዋ ተመልሳ ትገኛለች፤ ያ ጠረፍ በሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ ከሕንድና ከፋርስ ጋር በቀጥታ ይገናኝ ስለ ነበር የዐረብን ኬላ በግዴታ ማለፍ አላስፈለገውም። አንድ ቃል በአንድ ክፍለ ዓለም ምሥራቅ ዳርቻ ላይ በሁለት በር ገብቷል።

ይህ የ«ቸ» ፈተና በአንድ ቃል ላይ ብቻ የተሠራ ከሆነ አጋጣሚ ነው ሊባል ይችላል። ስለዚህ በሌላ ቃል ላይ መሞከር ይገባል፤ ለዚህም እጅ ላይ ያለው ዕቃ ይበቃል። መምህሩ ደብተሩን፣ ካድሬው ሰነዱን፣ ተጓዡ ልብሱን የሚከትበት «ሻንጣ» በቱርክኛ «ቻንታ» ይባላል። በዐረብኛ «ሻንጣ» ነው። ከዚህ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተለውጧል። «ቻ» ወደ «ሻ» ዞሯል፤ ይህ ከላይ የታየው ነው። ሁለተኛ፣ የቱርኩ ልስልስ «ታ» በዐረብኛ በጽኑዋ «ጣ» ተጽፏል፤ ዐረቦች የባዕድን «ተ» በዚህች ጽኑ ፊደል መጻፍ ያዘወትራሉ። አማርኛም ለጽኑዋ የዐረብ ፊደል አቻ አድርጎ «ጠ»ን ሰጣት። ቃሉ ከቱርክ በቀጥታ ቢመጣ «ቻንታ» በሆነ፤ «ታ»ን «ጣ» የሚያደርግ ምክንያት አማርኛ ራሱ አልነበረውም። እንግዲህ በአንድ ሻንጣ ላይ ሁለት የዐረብ ማኅተም ታትሞበታል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ረጅም መንገድ የተጓዘው «ሰንጠረዥ» ነው። ሕንዶች የጥንቱን ጨዋታ በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» ሲሉት አራት ክፍል ያለው ጦር ማለታቸው ነበር፤ እነርሱም ዝሆን፣ ፈረስ፣ ሠረገላና እግረኛ ናቸው። ፋርስ ቃሉን አሳጥሮ «ቻትራንግ» አለው። ዐረብ ሲቀበለው «ቻ»ን ወደ «ሻ»፣ «ተ»ን ወደ «ጠ» ቀየረና፣ «ገ» ደግሞ በፊደሉ ስላልነበረችው በ«ጀ» ተክቶ «ሻጥራንጅ» አደረገው። አማርኛ በበኩሉ «ሻ»ን ወደ «ሰ» አለዘበ፤ «ን»ን ከኋላ ወደ ፊት አሻገረ፤ «ጅ»ን «ዥ» አደረገ። ከዚያም አልፎ ጨዋታው የሚካሄድበትን ባለ ካሬ ሰሌዳ አይቶ፣ በመስመር የተከፋፈለውን የሒሳብና የመረጃ ገበታ ሁሉ «ሰንጠረዥ» አለው። ዛሬ አንድ የቢሮ ሠራተኛ «በሰንጠረዥ 2 እንደተመለከተው» ብሎ ሲጽፍ የሕንድ ዝሆንና ሠረገላ ከእጁ ሥር እንዳለ አያስብም።

ማንኛውም ፈተና ግን የሚሰነፍበት ቦታ አለው። ዐረብኛ የፋርስን «ቸ» ሁልጊዜ በ«ሸ» አይተካም፤ አንዳንድ ጊዜ በጽኑዋ «ጸ» መሰል ድምፁ ይተካታል፣ ያችም ወደ አማርኛ ስትደርስ ተራ «ሰ» ሆና ትቀራለች። ፋርስ የቻይናን አገር «ቺን» ሲል ዐረብ በዚያች ጽኑ ድምፅ «ሲን» ይለዋል፤ ከዚያ አገር የመጣውን ነጭ ሸክላም «ሲኒ»፣ ቻይናዊ፣ ብሎ ሰየመው። የአማርኛው የቡና ሲኒ ይኸው ነው። በየቤቱ ረከቦት ላይ የሚደረደረው፣ ከቡና ሥርዐት ሁሉ ይበልጥ አገርኛ የሚመስለው ዕቃ፣ ስሙ «የቻይና» ማለት ሆኖ ተገኘ። ከአጠገቡ የሚጨሰው «ሰንደል»ም የዚህ ዘር ነው፤ ከሳንስክሪቱ «ቻንዳና» ተነሥቶ፣ በዐረቡ «ሰንደል» በኩል የደረሰ። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ «ሸ» አለመኖሯ ብቻውን ዐረብ አልነካውም አያሰኝም።

ፈተናው ጨርሶ የማይፈርድበት ቃልም አለ፤ እርሱም «ባሻ» ነው። ቱርኮች በ1557 እ.ኤ.አ. ምጽዋን ከያዙ ወዲህ ስማቸውና ነፍጣቸው በሰሜኑ አገር ታወቀ። በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የነፍጠኛው ጦር አለቃ «ቱርክ ባሻ» ይባል ነበር። ቃሉ ከ«ፓሻ» ከመጣ፣ «ፐ»ን የማይጠራው ዐረብ «ባሻ» እንዳደረገው ግልጽ ነው። ነገር ግን በቱርክኛ «ባሽ» ራስ ማለት ሲሆን «ባሺ» የሚል ቅጥያ ሆኖ አለቅነትን ያመለክታል፤ «ዩዝባሺ» የመቶ አለቃ፣ «ቢንባሺ» የሺ አለቃ ነው። የነፍጠኛ አለቃን «ባሻ» ለማለት ይህኛውም ይስማማል። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ድምፅ ያደርሳሉና ድምፁን ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም። የተረጋገጠው ነገር የማዕረጉ ቁልቁለት ነው። በኢስታንቡል የክፍለ ሀገር ገዥ ይጠራበት የነበረው ስም፣ እዚህ በ«ሻምበል ባሻ» እና በ«ሻለቃ ባሻ» የበታች ሹም ማዕረግ ሆነ፤ በመጨረሻም ጡረታ የወጡ አዛውንት በሰፈር በአክብሮት የሚጠሩበት ስም ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ «ባዛር» ሲታለፍ ነገሩ ይገለበጣል። የቃሉ ጥንተ መነሻ መካከለኛው ፋርስኛ «ዋዛር» ነው። ያ ጥንታዊ «ዋ» በጎረቤቶቹ ዘንድ በ«ቫ» ተጠብቆ ቆይቷል፤ አርመኖች ንግድን «ቫቻር» ይላሉ፣ ሀንጋሮችም ገበያን «ቫሻር» ይላሉ። ፋርስ ራሱ በኋላ «ዋ»ን ወደ «ባ» ለወጠና «ባዛር» አለ። ቱርክ ደግሞ «ባ»ን «ፓ» አድርጎ «ፓዛር» አለው። ስለዚህ በባልካን አገሮች የቱርክ እግር የረገጠበት ቦታ በዚህች «ፓ» ይታወቃል፤ በሰርቢያ ኖቪ ፓዛር የሚባል ከተማ አለ፣ ግሪኮችም «ፓዛሪ» ሲሉ ገበያውንም ክርክሩንም ማለታቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን የቀኑ ነገር ነው። በቱርክኛ «ፓዛር» እሑድ ማለት ነው፤ ሰኞም «ፓዛርቴሲ»፣ የእሑድ ማግስት፣ ይባላል። ሀንጋርኛም እሑድን «ቫሻርናፕ»፣ የገበያ ቀን፣ ይለዋል። ሁለት ቋንቋ አንዱን የፋርስ ቃል በተለያየ ዘመንና በተለያየ ድምፅ ተውሰው አንዱን ቀን ሰየሙበት። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ገበሬ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የሚቆጥረው ገበያው የሚቆምበትን ነው። በኢትዮጵያ ነገሩ በግልባጩ ይገኛል፤ ቀኑ በገበያ ሳይሆን ገበያው በቀን ይጠራል፤ «ሰኞ ገበያ»፣ «ቅዳሜ ገበያ» እየተባለ መንደሩም በዚያው ስም ይጸናል።

የአማርኛው «ባዛር»ስ በየት ገባ? በ«ባ» መጀመሩ ብቻውን አይበቃም፤ ከፋርስም፣ ከአውሮፓም፣ «ፐ»ን «በ» ከሚያደርገው ዐረብም ቢመጣ «ባ» ይሆን ነበርና። እዚህ ላይ የሚፈርደው ትርጉሙ ነው። በቴሕራንም ሆነ በኢስፋሃን ባዛር የከተማው ልብ ነው፤ ጣሪያ ለብሶ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ፣ የየሙያው ሰው ተራ ተራ ይዞ የሚቀመጥበት ቋሚ ስፍራ ነው። በአዲስ አበባ ግን ማንም መርካቶን «ባዛር» አይለውም። ባዛር ለዓመት በዓል ሲደርስ ለጥቂት ቀን የሚከፈት፣ የመግቢያ ቲኬት የሚቈረጥለት፣ ከኤግዚቢሽን ጋር የሚጣመር ሽያጭ ነው። ይህ ትርጉም የአውሮፓ ነው፤ በዚያ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚዘጋጅ ጊዜያዊ ሽያጭ በዚህ ስም ይጠራል። ቃሉ በቀይ ባሕር በኩል ያልመጣበትም ምክንያት አይሰወርም። ዐረብ ለገበያ የራሱ ዋነኛ ቃል «ሱቅ» ስላለው የፋርስን ቃል ለሌላ የሚያስተላልፍበት ጉዳይ አልነበረውም፤ ያስተላለፈው የራሱን ነው። አማርኛም «ገበያ» ስለነበረው «ሱቅ»ን ተቀብሎ ለነጋዴው ክፍል ብቻ ሰጠው። «ባዛር» ዘግይቶ ሲደርስ ዋናው ቦታ ተይዞ ነበርና በበዓል ሰሞን የሚሠራ ወቅታዊ ሥራ አገኘ።

ቃላት በአዋጅ ይባረሩ ዘንድ በተፈለገ ጊዜ የሆነውም መታየት ይገባዋል፤ በየዘመኑ ቋንቋን ማጥራት የሚሹ አይጠፉምና። ቱርክ በ1928 እ.ኤ.አ. የዐረብን ፊደል ትታ የላቲንን ያዘች፤ በ1932 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የቋንቋ ማኅበር አማካይነትም የዐረብና የፋርስ ቃላትን ማስወጣት ጀመረች። የዐረቡ «መክተብ» ከትምህርት ቤት ተባርሮ «ኦኩል» ተተካበት፤ ጸንቶም ቀረ፤ አዲሱ ቃል ከፈረንሳዩ «ኤኮል» ጋር መመሳሰሉም አልጎዳውም። «ቻይ»ንና «ፓዛር»ን ግን የነካ አልነበረም። ትምህርት ቤትን የመንግሥት እጅ ይደርስበታል፤ መጽሐፉን የሚያሳትም፣ መምህሩን የሚቀጥር እርሱ ነውና። በብርጭቆ ላይ የሚቀዳውን ግን ስሙን በየቀኑ የሚያድሰው ጠጪው ነው። በኢትዮጵያም በ1967 ዓ.ም. «ኅብረተሰብአዊነት» የሚል ቃል በጥንቃቄ ተበጅቶ በአዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በሰልፉም በስብሰባውም «ሶሻሊዝም» በለጠው። ቃል አበጂ ኮሚቴ አላነሰም ነበር፤ ቃሉን ቀን ከሌት የሚለው አፍ ነው ያነሰው።

በነገራችን ላይ ቱርክ የሻይ አገር የሆነችው በቅርቡ ነው። ቀድሞ የቡና አገር ነበረች፤ ለዚህም ምስክሩ ቁርሷ ነው። «ካህቫልቲ» የሚለው የቱርክ ቃል ከቡና በፊት የሚበላ ማለት ነው። የየመን ቡና ከእጇ ከወጣ በኋላ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. በሪዜ ምድር ሻይ እንዲተከል ሕግ አወጣች፤ የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ በዚያው በሪዜ የቆመው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙ ከቅጠሉ ብዙ ቀድሞ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ኢራንም በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የሻይ ችግኝ ከሕንድ አስመጥታ በላሂጃን ተክላለች፤ ሕዝቧ ግን ዛሬም ሻይ የሚጠጣበትን ቤት «ቃህቬ ኻኔ»፣ የቡና ቤት፣ ይለዋል። ገብቶ ቡና የሚያዝ ጥቂት ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም፤ እርሱም ቡና የሚጠጣው «ሻይ ቤት» ገብቶ ነው፤ «ቡና ቤት» የገባ እንደሆነ ደግሞ የሚቀርብለት ቢራ ነው። የቡና ምድር በምትባለው በከፋ፣ በውሽውሽ ኮረብታ ላይ ደግሞ የሻይ ተክል ተንጣሎ ይታያል።

የቀረ አንድ ቃል አለ፤ ከ«ባዛር» ጋር በአንድ በር የገባ። ፋርስ በአትክልት መካከል የሚሠራውን የመዝናኛ እልፍኝ «ኩሽክ» ይለው ነበር። ቱርክ «ኮሽክ» ብሎ የሱልጣን ማረፊያ አደረገው። ፈረንሳይ ከቱርክ ወስዶ «ኪዮስክ» አለው፤ መጀመሪያ በመናፈሻ ውስጥ ሙዚቀኞች የሚቆሙበትን ድንኳን መሰል ቤት፣ በኋላም በመንገድ ዳር ጋዜጣ የሚሸጥበትን ጎጆ ሰየመበት። የአማርኛው «ኪዮስክ» በ«ስክ» ማለቁ ከጣሊያኑ «ኪዮስኮ» ይልቅ ወደ ፈረንሳዩ ያደላል። እንደ «ባሻ» ሁሉ ይህም ቁልቁል ወርዶ ነው ሰፈር የደረሰው። የሱልጣኑ እልፍኝ ዛሬ በቆርቆሮ የተመታ፣ አንድ መስኮት ያለው ክፍል ሆኗል፤ በመስኮቱም ከሳሙናና ከክብሪት ጋር፣ በላስቲክ እየተቋጠረ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይሸጥበታል።